ጥቁር ፀጉር ሲነጣ ለምን ብርቱካንማ ይሆናል? ቶነርስ እንዴት ያስተካክለዋል?

ፀጉሬ የተፈጥሮ ጥቁር ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ ትንሽ ቡናማ ይመስላል። ወደ አመድማ ቡኒ እንዲቀየርልኝ ፈልጌ አንድ ፀጉር ቤት ሄድኩ፤ ከዚያ የወጣሁት ግን ከሥሩ እስከ ጫፉ ብርቱካንማ በሆነ ፀጉር ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ሻሽ ሳላስር ከቤት አልወጣሁም። በሥራ ቦታዬም ሆነ በሰፈር ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸውን ሴቶች እያገኘሁ ስመጣ፣ አብዛኞቹ እንደ እኔው ሐምራዊ ቶነርና ሐምራዊ ሻምፑ እየገዙ ገንዘባቸውን እንደሚጨርሱ አየሁ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ ፀጉራቸውን ለማንጣት ገና እያሰቡ ላሉትም ይጠቅማል።

ልነግራችሁ የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ቶነር፣ ማለትም በነጣ ፀጉር ላይ የሚቀባው ስስ ቀለም፣ የሚመረጠው ፀጉራችሁ አሁን ያለበትን ቀለም ተመልክቶ ነው። እንዲሆንላችሁ የምትመኙትን ቀለም ብቻ ይዛችሁ ቶነር ከገዛችሁ፣ ብርቱካኑ አይለቃችሁም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት የተሠራውን ላስታውስ። የማንጫውን ዱቄት ዴቨሎፐር ከሚባለው ፈሳሽ ጋር በጠበጡት፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት ሲሆን ጥንካሬው ዘጠኝ በመቶ ነበር፣ በጠርሙሱ ላይ 30 ቮልዩም ተብሎ የሚጻፈው ነው። ከሥሩ እስከ ጫፉ በአንድ ጊዜ ቀቡኝና ካስክ ውስጥ አስቀመጡኝ። ታጥቤ መስታወት ፊት ስቀመጥ ሥሩ ወደ ቢጫ የተጠጋ፣ መካከሉ ደማቅ ብርቱካን፣ ጫፉ ደግሞ ቀላ ያለ ሆኖ አገኘሁት። ልጅቷ አልደነገጠችም፤ «አይዞሽ፣ ቶነር ያስተካክለዋል» ብላ ለብሎንድ ፀጉር የተሠራ ሐምራዊ ቶነር ቀባችኝ። ሲታጠብ ሥሩ አካባቢ ቢጫው ትንሽ ቀዝቀዝ አለ፤ ብርቱካኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ሐምራዊ ሻምፑ ገዝቼ እንድታጠብበት መክራኝ ሸኘችኝ። እኔም ገዛሁ፣ በየጊዜው ታጠብኩበት፤ እጄ ሐምራዊ ሆነ እንጂ ፀጉሬ ያው ነበር።

ነገሩ የገባኝ ቤይሩት ውስጥ ለብዙ ዓመታት በፀጉር ሥራ ቆይተው የተመለሱ አንዲት በዕድሜ የበሰሉ ባለሙያ ዘንድ ስሄድ ነው። እጃቸውን ወደ ማንኛውም ጠርሙስ ከመዘርጋታቸው በፊት ወንበሬን መስኮቱ አጠገብ አስጠግተው ፀጉሬን በደረቁ፣ በቀን ብርሃን፣ ዘለላ በዘለላ እየከፈሉ አዩት። የፀጉር ቤት አምፖል ቢጫ ስለሚጥልበት ትክክለኛውን ቀለም እንደማያሳይ፣ እርጥብ ፀጉርም ከእውነተኛው ይልቅ ጠቆር ብሎ እንደሚታይ ነገሩኝ። «ልጄ፣ ይህ ብርቱካን ከማንጫው የመጣ እንዳይመስልሽ፤ ድሮም ውስጥሽ የነበረ ነው» አሉኝ።

ያሉት እውነት ነው። የፀጉራችንን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ዩሜላኒን ይባላል፤ ጥቁርና ቡናማ ቀለም የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለተኛው ፊዮሜላኒን የሚባለው ቀይና ቢጫ የሚሰጠው ነው። በጥቁር ፀጉር ውስጥ ዩሜላኒን እጅግ ብዙ ስለሆነ ሌላውን ሸፍኖ ይይዘዋል። ማንጫው የፀጉሩን ቅርፊት አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱ ቀድሞ የሚሰባብረው ዩሜላኒኑን ነው፤ ፊዮሜላኒን ለመሰባበር ይበልጥ ያስቸግራል። ስለዚህ መንጣቱ መንገድ ላይ ሲቆም የሚቀረው ሙቅ ቀለም ይሆናል። ብራድ ውስጥ ጥቁር የሚመስለው ወፍራም ሻይ ውሃ ሲጨመርበት መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ብርቱካንማ፣ በመጨረሻ ቢጫ እንደሚሆን አስቡት። ጥቁር ፀጉርም ሲነጣ በእነዚሁ ቀለሞች በኩል ማለፉ አይቀርም፤ በመካከላቸው የሚዘለል ደረጃ የለም። ጥያቄው የት ላይ ይቆማል የሚለው ብቻ ነው።

ባለሙያዎች ይህን ጉዞ ከአንድ እስከ አሥር በደረጃ ይከፍሉታል። አንድ ጥቁር ነው፣ አሥር ደግሞ እጅግ ፈዛዛ ብሎንድ። ሁለትና ሦስት የእኛ የብዙዎቻችን ጥቁርና ጥቁር ቡኒ ናቸው። ፀጉር እየነጣ አራተኛው ላይ ሲደርስ ከውስጡ የሚወጣው ቀይ ነው፤ አምስተኛው ላይ ቀይ ብርቱካን፣ ስድስተኛው ላይ ብርቱካን፣ ሰባተኛው ላይ ቢጫ ብርቱካን፣ ስምንተኛው ላይ ቢጫ፣ ዘጠኝና አሥር ላይ በጣም የፈዘዘ ቢጫ ይታያል። ሴትዮዋ የእኔን ሲያነቡ ሥሩን ሰባት ተኩል ያህል፣ መካከሉን ስድስት፣ ጫፉን አምስት አሉት። አንድ ራስ ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም ማለት ነው።

ለምን እንዲህ እንደተለያየም አስረዱኝ። የራስ ቆዳ ይሞቃል፤ ሙቀት ደግሞ ማንጫውን ያፈጥነዋል። ስለዚህ ለቆዳ የቀረበው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ፀጉር ከሌላው ቀድሞ ይነጣል። ሥሩና ጫፉ እኩል ተቀብተው ካስክ ሲጨመርበት ልዩነቱ ይብሳል። ትክክለኛው አካሄድ መካከሉንና ጫፉን አስቀድሞ ቀብቶ፣ እነሱ መንጣት ሲጀምሩ ነው ሥሩን መቀባት። ከዘጠኙ ይልቅ ስድስት በመቶ፣ ማለትም 20 ቮልዩም ተጠቅሞ በዝግታ መሥራት ደግሞ ለፀጉሩም ለቆዳውም ይሻላል።

አሁን ወደ ቶነሩ ልምጣ። ቶነር ፀጉርን አያነጣም ማለት ይቻላል፤ ሥራው በነጣው ፀጉር ላይ ስስ ቀለም መጨመር ነው። የሚጨምረው ቀለም ፀጉሩ ላይ ካለው ቀለም ተቃራኒ ሲሆን ሁለቱ ይጠፋፋሉ። የብርቱካን ተቃራኒ ሰማያዊ ነው። የቢጫ ተቃራኒ ሐምራዊ፣ የቀይ ተቃራኒ ደግሞ አረንጓዴ ነው። በዚህ ብቻ እንኳ ሐምራዊው ቶነርና ሻምፑ ለምን እንዳልሠሩልኝ ግልጽ ይሆናል፤ እነሱ የተሠሩት ዘጠኝና አሥር ደረጃ ደርሶ ፈዛዛ ቢጫ ለቀረው ፀጉር ነው። ብርቱካን ላይ የሚያጠፉት ነገር የላቸውም።

ብዙዎች የማይነግሯችሁ ሌላ ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝም ይህ ነው። ሰማያዊ ቶነር በብርቱካን ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ቀለም ቡኒ ነው እንጂ ብሎንድ አይደለም። ቀለም ስለተጨመረበት የሚነጣ ፀጉር የለም። ስለዚህ ስድስተኛው ደረጃ ላይ የቆመ ብርቱካን ፀጉር በቶነር ብቻ ግራጫማ ብሎንድ ሊሆን ፈጽሞ አይችልም፤ የቶነሩ ጠርሙስ ላይ የቱንም ያህል የሚያምር ሥዕል ቢኖር። ብሎንድ የምትፈልጉ ከሆነ ፀጉሩ መጀመሪያ ወደ ፈዛዛ ቢጫ፣ የሙዝ ልጣጭ ውስጡን ወደሚመስለው ቀለም መድረስ አለበት። አመድማ ቡኒ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ጥቁር ብሎንድ ከበቃችሁ ግን ብርቱካኑ ላይ መቆም ይቻላል፤ ትክክለኛ ሰማያዊ ያለበት፣ ከፀጉሩ ጋር እኩል ደረጃ ያለው ወይም በአንድ ደረጃ የጠቆረ ቶነር ይበቃል።

እኔ ፊት የቀረበው ምርጫ ይህ ነበር፤ እንደገና ማንጣት ወይስ ባለበት ማቆም። ባለሙያዋ መልሱን ከፀጉሩ ጠየቁ። ከጫፉ ጥቂት ዘለላ አርጥበው በሁለት ጣቶቻቸው ቀስ ብለው ሳቡት። ጤነኛ ፀጉር ትንሽ ተስቦ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የእኔ ተስቦ ሲመለስ ዘገየ፣ ሲነካም ልፍስፍስ ያለ ነበር። እንዲህ ያለ ፀጉር እንደገና ማንጫ ቢነካው እንደሚበጠስ ነግረውኝ የጫፉን ሁለት ጣት ያህል ቆረጡት። አመድማ ቡኒ ድሮም የእኔ ምኞት ስለነበር ባለበት ደረጃ ልንሠራ ተስማማን። እናንተም ይህን የመሳብ ሙከራ ቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ፀጉሩ ተስቦ የማይመለስ ወይም የሚበጠስ ከሆነ ማንም ባለሙያ ቢያግባባችሁ ማንጫ አታስነኩት።

ቶነሩን ለመቀባት ቀጠሮ የሰጡኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በዚያ መካከል ከጆሮዬ ጀርባ ከቀለሙ ትንሽ ቀብተው የቆዳዬን ሁኔታ እንድጠብቅ አዘዙኝ፤ ቶነርም ቀለም በመሆኑ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ቀኑ ሲደርስ ያየሁትን በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ የተማርኩት እዚህ ላይ ስለሆነ።

ስድስተኛ ደረጃ ያለው ሰማያዊ አመድማ ቀለም 40 ሚሊ ሊትር፣ በዚያው ደረጃ ያለ ተራ ቡኒ ደግሞ 20 ሚሊ ሊትር ቀላቀሉ። በላዩ ላይ 120 ሚሊ ሊትር ደካማ ዴቨሎፐር ጨመሩ፤ ጥንካሬው ወደ ሁለት በመቶ የሚጠጋ ነው። አንድ እጅ ቀለም ለሁለት እጅ ዴቨሎፐር ማለት ነው፤ መጠኑ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ግን ሁልጊዜ የራሱን መመሪያ ማንበብ ይገባል። ተራውን ቡኒ ለምን እንደጨመሩ ስጠይቃቸው፣ አመድማው ብቻውን ሲቀባ ፀጉሩ ሕይወት የሌለው ድብዝዝ ግራጫ ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። ዴቨሎፐሩ ለምን ደካማ እንደሆነም ጠየቅኩ። ጠንካራው ቶነሩን እያስገባ ጎን ለጎን ፀጉሩን ስለሚያነጣው አዲስ ብርቱካን ከውስጡ ያወጣል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶነሩ ሲለቅ የሚታየው ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል።

ለሥሩ ለብቻው ሌላ ሳህን አዘጋጁ። ሥሩ ቢጫ ብርቱካን ስለነበር ንጹሕ ሰማያዊ ቢቀባበት ቢጫውና ሰማያዊው ተገናኝተው አረንጓዴ ጥላ ይጥሉ ነበር። ስለዚህ ሰማያዊና ሐምራዊ የተቀላቀለበት አመድማ መረጡለት። ቶነር ቀብታችሁ አረንጓዴ ነገር የታያችሁ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ፀጉሩ ከገመታችሁት በላይ ቢጫ ነበር። የቀለም ኩባንያዎች ከነጥብ በኋላ የሚጽፉት ቁጥር ይህን ይነግራል፤ ለምሳሌ 6.1 ላይ ስድስቱ የጥቁረቱ ደረጃ፣ አንዱ ደግሞ አመድማ መሆኑ ነው። ችግሩ የአንዱ ኩባንያ አመድማ ሰማያዊ፣ የሌላው ሰማያዊ ሐምራዊ፣ የሌላው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መሆኑ ነው። ስትገዙ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ መሠረቱ ምን ቀለም እንደሆነ ጠይቁ።

ፀጉሬን አጥበው በፎጣ አደረቁት፤ እርጥበቱ ቀርቶ ውሃው ግን የማይንጠባጠብ ሆነ። ከዚያ በጣም ብርቱካን ከነበረው መካከል ጀመሩ፣ ሥሩን መጨረሻ ላይ ቀቡ። ቶነሩ ጭንቅላቴ ላይ እያለ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ሳየው ልቤ ሊወጣ ነበር። እሳቸው ግን በየአምስት ደቂቃው አንድ ዘለላ መርጠው በእርጥብ ጨርቅ ጠራርገው ያዩ ነበር፤ እውነተኛው ቀለም ያለው ከቅባቱ ሥር ስለሆነ። በመጀመሪያው ጠረጋ ብርቱካኑ ብቻ ደብዘዝ ብሎ ታየኝ። በሦስተኛው ላይ ያ ዘለላ ቡኒ ሆኖ ነበር፤ ቀይ ትዝታ እንኳ አልቀረበትም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አጠቡት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ጊዜ ከዚያ ይረዝም ነበር፤ የተጎዳ ፀጉር ግን ቀለም በፍጥነትና በብዛት ስለሚጠጣ ሰዓት ከመቁጠር ዘለላውን ማየት ይሻላል።

ሲደርቅ የወጣው ቀለም የፈለግኩት አመድማ ቡኒ ነው። ጫፉ ብቻ ትንሽ ሙቀት ይዞ ቀረ። እዚያ ያለው ቀይ ብርቱካን ስለነበር ለማጥፋት አረንጓዴም ያስፈልገው ነበር፤ ባለሙያዋ በተጎዳ ጫፍ ላይ ሌላ ቀለም መደራረብ አልፈለጉም፣ እኔም አልተከፋሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት ለባለሙያው ልትነግሩ የሚገባችሁ የፀጉራችሁ ታሪክ አለ። ሪላክሰር የተቀባ ፀጉር ከሆነ ተናገሩ፤ ሪላክሰሩ የፀጉሩን ውስጣዊ ትስስር አላልቶታል፣ በዚያ ላይ ማንጫ ሲጨመር ከሥሩ ተበጥሶ እጅ ላይ የቀረባቸው ሴቶች አውቃለሁ። ጥቁር ቀለም ተቀብታችሁ ከነበረም እንዲሁ፤ ሰው ሠራሽ ጥቁር እንደ ተፈጥሮው አይለቅም፣ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይቀራል፣ አዲስ የበቀለው ግን ቢጫ ይሆናል። ሂና የተቀባ ፀጉር ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንዱ ገበያ ላይ ያለ ሂና የብረት ጨው ይቀላቀልበታል፤ ማንጫ ሲያገኘው ፀጉሩ እስኪያቃጥል ሊግል ይችላል። ለሁሉም መፍትሔው አንድ ነው፤ ከኋላ ከውስጥ በኩል ትንሽ ዘለላ አስቆርጣችሁ መጀመሪያ በእሷ ላይ ማንጫውንም ቶነሩንም አስሞክሩ። ያቺ ዘለላ ፀጉራችሁ የት ደረጃ ላይ እንደሚቆም፣ ምን ዓይነት ብርቱካን እንደሚያወጣና መቋቋሙን ትነግራችኋለች።

ቶነር ለዘላለም አይቆይም። የእኔ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ መሳሳት ይጀምራል፤ ብርቱካኑም መጀመሪያ በፊቴ ዙሪያ ባለው ፀጉር ላይ ብቅ ይላል። ከተቀባሁ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን አልታጠብም፤ ስታጠብም ሰልፌት በሌለው ሻምፑና ለብ ባለ ውሃ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሰማያዊ ሻምፑ ለጥቂት ደቂቃ አቆያለሁ፤ ሐምራዊውን ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት፣ የእሷ ፀጉር ፈዛዛ ቢጫ ስለሆነ በትክክል ይሠራላታል። ፀጉር መተኮሻው ከ180 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ አደርጋለሁ፤ ከፍተኛ ሙቀት ቶነሩን ቶሎ አውጥቶ ሙቁን ቀለም ይመልሰዋል። ብርቱካኑ በግልጽ መታየት ሲጀምር ያንኑ ቅልቅል በመካከሉና በፊቴ ዙሪያ ብቻ ለአሥር ደቂቃ ያህል አስቀባለሁ። ሥሩ አሁን ጥቁር ሆኖ እየበቀለ ነው፤ እሱን አላስነጣውም፣ ከአመድማው ቡኒ ጋር ስለሚስማማ ልዩነቱ አይጎላም።